በአንድ ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠ ብሎክቼይን የእድራችንን መዝገብ ይጠብቃል?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ውይይቱ ስለረዘመና በመካከሉ ብዙ ጉዳይ ስለገባበት፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች ምላሾቹን በየቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ ቃል እዚህ አስፍሬአቸዋለሁ።

መነሻው ጽሑፍ

ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ፤ አባሎቻችን 140 ያህል ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ አባላችን ሲያርፉ ባለቤታቸው የሚገባቸውን ገንዘብ ሊቀበሉ መጡ። መዝገቡ ግን ሟቹ የሦስት ወር መዋጮ እንዳልከፈሉ ስለሚያሳይ ተቀንሶ ተሰጣቸው። እኚህ እናት ከሳምንት በኋላ ሦስቱንም ደረሰኞች በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው መጡ። መዝገቡን ወደ መስኮት ብርሃን አቅርቤ ስመለከተው፣ በሦስቱ ወራት አንጻር ወረቀቱ በምላጭ ተፍቆ ሳስቶ ነበር፤ በላዩም ሌላ ቀለም ተጽፎበታል። የፋቀው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ገንዘቡን መልሰን ሰጠናቸው፣ እኔ ግን በእጄ ያለ መዝገብ ሰው እንደበደለ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወጣት የሶፍትዌር ሻጭ ወደ ጉባኤያችን መጣ። ከመስከረም 2015 እስከ ነሐሴ 2016 ያለውን የ24 ወር ሒሳባችንን በላፕቶፑ ላይ ብሎክ በሚባሉ 24 የወር ክፍሎች አስገብቶ አሳየን። የእያንዳንዱ ብሎክ ሃሽ የሚባለው መለያ በአራት ዜሮ ይጀምራል፣ እያንዳንዱም የቀዳሚውን ሃሽ ይዟል። የግንቦት 2015 አንድ ክፍያ ላይ 100 የነበረውን 0 ሲያደርገው፣ ከግንቦት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያሉት ብሎኮች በሙሉ ቀይ ሆኑ። ጉባኤው አጨበጨበ። ሻጩም ይህ ብሎክቼይን ስለሆነ ያለፈውን ማንም ሊቀይረው እንደማይችል አረጋገጠልን። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው በገንዘብ ያዣችን ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ጥያቄዬም ይህ ነበር፦ ያ ቀይ ቀለም በእርግጥ ይጠብቀናል ወይስ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው?

1ኛ ምላሽ

የመጀመሪያው ምላሽ የመጣው ከሐረር ከአንዲት መምህርት ነው። ስለ እኚያ እናት ማዘናቸውን በጥሩ ቃል ገልጸው፣ ብሎክቼይን ውስጥ የገባ ጽሑፍ በምስጢር ቁልፍ ስለሚቆለፍ ቁልፉ የሌለው ሰው ሊያነበውም ሊቀይረውም እንደማይችል፣ ስለዚህም ሳንጠራጠር እንድንገዛ መከሩኝ። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ የያዘው ስሕተት ግን በጣም የተለመደ ስለሆነ በዚሁ መጀመሩ ጠቅሞናል።

2ኛ ምላሽ

የዚህን ክር ክብደት የተሸከመው ሰው እዚህ ገባ። ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ድርጅት ሰርቨሮችን እንደሚያስተዳድር ከመናገር በቀር ስለ ራሱ ምንም አላለም፤ እኔም ባለሙያው እያልኩ እጠራዋለሁ። መምህርቷን በአክብሮት አርሞ፣ በብሎክቼይን የሚመዘገበው ዲጂታል ገንዘብ የቢትኮይን መዝገብ የተቆለፈ ሳይሆን የተገለጠ እንደሆነ፣ ከ2009 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ያለውን እያንዳንዱን ክፍያ ማንም ሰው አውርዶ ማንበብ እንደሚችል ነገረን። ሃሽ ቁልፍ አይደለም፤ የጽሑፉ አሻራ ነው። አጭርም ረጅምም ጽሑፍ SHA-256 በሚባለው ስሌት ውስጥ ሲያልፍ 64 ፊደልና አኃዝ ይወጣዋል፣ ከዚያ አሻራ ተነሥቶ ግን ጽሑፉን መልሶ ማግኘት አይቻልም። በቃል አትመኑኝ በሚል መንፈስም የሚከተለውን ትእዛዝና የሚሰጠውን መልስ አስቀመጠ፤ ሊኑክስ ባለበት ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ እንድንሞክረውም ጠየቀን።

```
echo -n abc | sha256sum
ba7816bf8f01cfea414140de5dae2223b00361a396177a9cb410ff61f20015ad  -
```

3ኛ እና 4ኛ ምላሽ

አንድ ተማሪ ሞክሮት የተለየ መልስ እንዳገኘ፣ የእርሱ አሻራ በ`edeaaff3` እንደሚጀምርና ባለሙያው የሰጠን ነገር ስለዚህ የተሳሳተ እንደሆነ ኃይል በተሞላበት ቃል ጻፈ። ባለሙያው በ4ኛው ምላሽ ሳይቆጣ ምክንያቱን አወጣው። ተማሪው ትእዛዙን ሲጽፍ `-n` የሚለውን ትቶታል፤ በዚህ ምክንያት ከሦስቱ ፊደላት በኋላ በዓይን የማይታይ የአዲስ መስመር ምልክት ተጨምሯል። ያች አንዲት የማትታይ ምልክት ከ64ቱ ጥቂቱን ብቻ ሳይሆን አሻራውን በጠቅላላ ለውጣዋለች። ተማሪው ደግሞ ሞክሮ ትክክለኛውን አግኝቶ ይቅርታ ጠየቀ። ለእኔ ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ይህ ስሕተት ነገሩን ግልጽ አድርጎልኛል። ምላጭ በወረቀት ላይ የሚተወው ጠባሳ በብርሃን ካልታየ ያልፋል፤ በሃሽ ግን ትንሽ ለውጥ ትንሽ ምልክት የሚተውበት መንገድ የለም።

ከ5ኛ እስከ 7ኛ ምላሽ

ጥያቄዬን ሳይረዱት የቀሩ አንድ ሰው፣ በስልካቸው በየቀኑ ትርፍ ይሰጣል በተባለ መተግበሪያ 40,000 ብር አስገብተው መተግበሪያው በአንድ ሌሊት እንደጠፋባቸው፣ ስለዚህ የእድር ገንዘብ ወደ ቢትኮይን እንዳይገባ አጥብቀው እንደሚለምኑኝ ጻፉ። በ6ኛው ምላሽ አንድ ሌላ ተሳታፊ ርዕሱን ያላነበበ ሰው ለምን ይጽፋል ብሎ ተናገራቸው። 7ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእድሩ ገንዘብ በብር እንደሆነና ባንክ እንደሚቆይ፣ ጥያቄው ስለ መዝገቡ ብቻ እንደሆነ አስረድቼ፣ የደረሰባቸውም ጉዳት ቀላል እንዳልሆነ ገለጽኩላቸው። እርሳቸው የተጭበረበሩት በተቀየረ ብሎክ አልነበረም፤ ከመጀመሪያውም ምንም ሰንሰለት በሌለው፣ ቁጥር ብቻ በሚያሳይ ገጽ ነበር።

8ኛ ምላሽ

ባለሙያው ወደ ጥያቄዬ በቀጥታ የገባው እዚህ ላይ ነው። በሻጩ ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱ የወር ብሎክ አራት ነገር ይይዛል፦ የወሩን ስም፣ የክፍያዎቹን ዝርዝር፣ የቀዳሚውን ወር ሃሽና ኖንስ የሚባል አንድ ቁጥር። ኖንሱ ምንም ትርጉም የለውም፤ ሃሹ በአራት ዜሮ የሚጀምር እስኪሆን ድረስ ፕሮግራሙ ከዜሮ ጀምሮ እየቆጠረ የሚሞክረው ቁጥር ነው። በግንቦት ላይ 100 ወደ 0 ሲቀየር የግንቦት ሃሽ ይለወጣል። ሰኔ በውስጡ የያዘው ግን የድሮውን የግንቦት ሃሽ ስለሆነ ሁለቱ አይገጥሙም። ሰኔን ከአዲሱ ጋር ላስማማ ቢባል የሰኔ ሃሽ ይለወጥና ሐምሌ ይፈርሳል፣ እንዲህ እያለ እስከ ነሐሴ 2016 ይደርሳል። ቀይ ቀለሙ ይህንን አለመግጠም ያሳያል፤ እስከዚህ ድረስ ሻጩ እውነቱን ተናግሯል።

ነገር ግን አለ ባለሙያው፣ ሻጩ ከቀዩ በኋላ ያለውን አላሳያችሁም። መዝገቡ በእጁ ያለ ሰው ግንቦትን ከቀየረ በኋላ እያንዳንዱን ብሎክ እንደገና ቢያሰላውስ? በሃሹ ውስጥ እያንዳንዱ ምልክት ከ0 እስከ 9 እና ከa እስከ f ካሉት 16 አንዱ ስለሆነ ዜሮ የመሆን ዕድሉ ከ16 አንድ ነው፤ ስለዚህ አራት ዜሮ ለማግኘት በአማካይ 65,536 ሙከራ ያስፈልጋል። ግንቦት ዘጠነኛው ብሎክ ስለሆነ እስከ 24ኛው ድረስ እንደገና የሚሰሉት 16 ብሎኮች ናቸው፤ ይህም ወደ 1,048,576 ሙከራ ይሆናል። ቀላል ፕሮግራም የሚያሄድ ተራ ላፕቶፕ በሴኮንድ ጥቂት መቶ ሺህ ሙከራ ያደርጋል። ስለዚህ ሙሉው ሥራ ሴኮንዶችን ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ 24ቱም ብሎኮች በአራት ዜሮ ይጀምራሉ፣ ሁሉም እርስ በርስ ይገጥማሉ፣ በገጹም ላይ አንድም ቀይ ቀለም አይኖርም። መዝገቡን በምላጭ የፋቀው ሰው በወረቀቱ ላይ ጠባሳ ትቷል፤ በዚህኛው ጠባሳ እንኳ አይተርፍም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጉባኤው ያጨበጨበው ለግማሹ ነገር ነበር።

9ኛ ምላሽ

ሻጩን እንደሚያውቀው የተናገረ አንድ ፕሮግራመር በቁጣ ገባ። አራት ዜሮ ለማሳያ ብቻ የተመረጠ እንደሆነ፣ በአንድ መስመር ለውጥ ስምንት ዜሮ ማድረግ እንደሚቻልና አንድ ሠርቶ አዳሪ ወጣት ባልተገኘበት ስሙን ማጉደፍ ነውር እንደሆነ ጻፈ። ባለሙያው ዕውቀቱን ለማሳየት ብቻ እንደሚጽፍም አክሎ ወቀሰው።

10ኛ ምላሽ

ባለሙያው ስድቡን አልፎ ስለ ስምንቱ ዜሮ ብቻ መለሰ። ስምንት ዜሮ በአማካይ 4,294,967,296 ሙከራ ይፈልጋል። የገንዘብ ያዡ ላፕቶፕ በሴኮንድ 300,000 የሚሞክር ከሆነ አንዱን ወር ለመዝጋት አራት ሰዓት ያህል ይደክማል። ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ግን በሴኮንድ ከቢሊዮን በላይ ስለሚሞክር ያንኑ በአራት ሴኮንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ዜሮ መጨመር ሐቀኛውንና አጭበርባሪውን እኩል ያስከፍላቸዋል፤ አጭበርባሪው የተሻለ መሣሪያ ካለው ግን ሐቀኛው ብቻ ይደክማል።

ቢትኮይንን ለመቀየር አስቸጋሪ ያደረገው የዜሮው ብዛት ብቻውን እንዳልሆነ ያስረዳበት ክፍል ለእኔ የክሩ ልብ ነው። ጥር 3 ቀን 2009 (በፈረንጅ) የተዘጋው የመጀመሪያው ብሎክ ሃሽ በአሥር ዜሮ ይጀምራል፤ በቅርብ ዓመታት የተዘጉት ደግሞ በ19ና ከዚያ በላይ። ዜሮውን ያበዛው የአንድ ሰው ውሳኔ አይደለም። በየ2,016 ብሎኩ፣ ማለትም በሁለት ሳምንት ገደማ፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ያለፉት ብሎኮች የወሰዱትን ጊዜ አይቶ አንድ ብሎክ በአማካይ አሥር ደቂቃ እንዲፈጅ ክብደቱን ያስተካክላል። በሥራው ላይ የገባው የኮምፒውተር ኃይል በጨመረ ቁጥር ክብደቱም ይጨምራል።

እንግዲህ ከአንድ ሰዓት በፊት የተዘጋ ብሎክ መቀየር የሚፈልግ ሰው ያንን ብሎክና በላዩ የተደረደሩትን ስድስት ያህል እንደገና መሥራት አለበት። እርሱ ያንን ሲሠራ ደግሞ የቀረው ዓለም ቆሞ አይጠብቀውም፣ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ይጨምራል። ኖድ የሚባሉት፣ የመዝገቡን ቅጂ የያዙ ኮምፒውተሮች የሚቀበሉት ብዙ ሥራ የፈሰሰበትን ሰንሰለት ስለሆነ፣ ወደኋላ የተመለሰው ሰው ሁሉንም ሮጦ መቅደም ይጠበቅበታል። በእናንተ እድር ግን አለ፣ ገንዘብ ያዡን በሩጫ የሚወዳደረው ማንም የለም።

11ኛ እና 12ኛ ምላሽ

በ11ኛው ላይ አንድ ተሳታፊ፣ ከጠቅላላው የኮምፒውተር ኃይል 51 ከመቶውን የያዘ ሰው ቢትኮይን ውስጥ ያለውን የማንኛውንም ሰው ገንዘብ ወስዶ ታሪኩን እንደፈለገ ሊጽፈው እንደሚችል በእርግጠኝነት አወጀ። 12ኛው መላሽ ባለሙያው አልነበረም፤ ከሐረር የሆነች የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ ነበረች፤ አጻጻፏም ከእርሱ ይበልጥ ቁጥብ ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት እንዳለው አምና፣ የሌላውን ሰው ገንዘብ ለማንቀሳቀስ የዚያ ሰው ዲጂታል ፊርማ ስለሚያስፈልግ ኃይል ብቻውን እንደማይበቃ ገለጸች። አብዛኛውን ኃይል የያዘ ሰው የሚችለው በቅርቡ ራሱ የከፈለውን መሰረዝና ገንዘቡን ደግሞ ማውጣት፣ የሌሎችንም ክፍያ እንዳይገባ ማገድ ነው። ኢቴሪየም ክላሲክ በሚባል ሌላ ዲጂታል ገንዘብ ላይ በ2020 (በፈረንጅ) ነሐሴ የሆነው ይህ ነበር፤ በሥራው ላይ የነበረው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ አጥቂዎች ከ3,000 በላይ ብሎኮችን በራሳቸው ተክተዋል።

ከግማሽ በታች ኃይል ያለው ሰውም ዕድል እንዳለው ቢትኮይንን በፈጠረው በሳቶሺ ናካሞቶ፣ በፈረንጅ የ2008 ጽሑፍ ውስጥ ባለው ስሌት አሳየች። አሥር ከመቶ የያዘ ሰው ስድስት ብሎክ ወደኋላ ቀርቶ የመቅደም ዕድሉ ከ10,000 ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። ሠላሳ ከመቶ የያዘ ግን አምስት ብሎክ ወደኋላ ቀርቶ ከመቶ 18 ጊዜ ያህል ይሳካለታል። መቀየር አይቻልም ከማለት ይልቅ በየብሎኩ እየከበደ ይሄዳል ማለት ትክክል እንደሆነ አስረግጣ ጻፈች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ አነጋገሬን አስተካክያለሁ።

13ኛ ምላሽ

ቀፊራ ገበያ አጠገብ በነበረ የጭነት መጋዘን ለ30 ዓመት ጸሐፊ የነበሩ አንድ አዛውንት የራሳቸውን ነገር አመጡ። በዘመናቸው የዕቃ መላኪያው በካርቦን ወረቀት በሦስት ቅጂ ይጻፍ እንደነበር፣ አንዱ ከሾፌሩ ጋር፣ አንዱ ለላኪው፣ አንዱ በመጋዘኑ ይቀር እንደነበር ተረኩ። የመጋዘኑን ቅጂ ቀይሮ የተያዘ ሰው ያውቃሉ፤ የተያዘውም ጽሕፈቱ ተመርምሮ ሳይሆን የላኪው ቅጂ ከሌላ ሰው ኪስ ስለወጣ ብቻ ነው። ስለ ኮምፒውተር ምንም እንደማያውቁ ተናግረው፣ የእድራችን መዝገብ ሁለተኛ ቅጂ ማን ዘንድ እንዳለ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። የእኚያን እናት እውነት ያወጡት በመሐረብ የተጠቀለሉት ደረሰኞች ነበሩ፤ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የሻጩን ስክሪን ስመለከት ይህንን አላየሁትም ነበር።

ከ14ኛ እስከ 17ኛ ምላሽ

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንድ የጀጎል ሰው አፎቻ በሚባለው የሐረሪዎች ማኅበር የአባላቱ ጉዳይ በሁሉ ፊት ስለሚነገር መዝገብ የሚፍቅ ሰው እንደማይኖር ጻፉ፤ ሌላው ደግሞ አፎቻ ከእድር በምን እንደሚለይ ጠየቀና ለሁለት ምላሽ ያህል ስለዚያ ተነጋገሩ። በ17ኛው ላይ ኮምፒውተሮች ኖንስ እየሞከሩ ብሎክ ስለሚዘጉበት የቢትኮይን ማይኒንግና ስለ መብራት መጥፋት አንድ ብርቱ ቅሬታ ቀረበ። ቅሬታው ተገቢ ቢሆንም ለእኛ መዝገብ ማይኒንግ ስለማያስፈልግ አልፌዋለሁ።

18ኛ ምላሽ

9ኛውን የጻፈው ፕሮግራመር ተመለሰ፤ አሁንም ስለታም ነበር። ባለሙያው ቢትኮይንን የማይነካ አድርጎ ማቅረቡ ትክክል እንዳልሆነ፣ ራሱ ቢትኮይንም አንድ ጊዜ ታሪኩን ቀይሮ እንደሚያውቅ አነሣ። ነሐሴ 15 ቀን 2010 (በፈረንጅ) በ74,638ኛው ብሎክ ውስጥ በፕሮግራሙ ጉድለት ምክንያት ከ184 ቢሊዮን በላይ ቢትኮይን ከምንም ተፈጥሮ ተመዘገበ፤ ሊኖር የሚችለው በጠቅላላ 21 ሚሊዮን ብቻ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። በሰዓታት ውስጥ የተስተካከለ ፕሮግራም ወጣ፣ ተጠቃሚዎችም ተቀበሉት፤ አዲሱ ሰንሰለት ከ50 በላይ ብሎክ ከሮጠ በኋላ የተበላሸውን ቀድሞ ቦታውን ያዘ።

ባለሙያው ይህን ያለማመንታት ተቀብሎ እንዲያውም ክርክሩን የሚያጠናክር ሆኖ አገኘው። ያ ቅየራ የተደረገው በድብቅ አልነበረም፤ ሁሉ እያየ፣ እያንዳንዱ በራሱ ኮምፒውተር ላይ አዲሱን ፕሮግራም ለመጫን ፈቅዶ፣ አዲሱ ሰንሰለትም የተበላሸውን እስኪቀድም ተሠርቶ ነው። ሁለቱ እስከዚህ ድረስ ተስማሙ፤ ይህ ጥንካሬ ነው ወይስ ድካም በሚለው ላይ ግን አልተስማሙም። እኔም ለማን መፍረድ እንደሚገባኝ አላወቅሁም።

19ኛ ምላሽ

የሐረሯ ምሩቅ ከሁሉ የጠቀመንን አመጣች። ከቢትኮይን አስቀድሞ፣ በ1991 (በፈረንጅ) ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰነዶችን በሃሽ እያያያዙ መቼ እንደተጻፉ ማረጋገጥ የሚቻልበትን ዘዴ አሳትመው ነበር። ሰንሰለቱን የሚይዘው ድርጅት ራሱ ሊያጭበረብር ይችላል ለሚለው ሥጋት ያገኙት መልስ ኃይልም ማይኒንግም አልነበረም። ከ1995 ጀምሮ የሳምንቱን የመጨረሻ ሃሽ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የማስታወቂያ ገጽ ላይ ማሳተም ጀመሩ። ጋዜጣው በየቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ከተበተነ በኋላ ድርጅቱ ያለፈውን ቢቀይር የታተመው ያጋልጠዋል።

ከዚህ ተነሥታ የሰጠችን ሐሳብ ይህ ነው፦ የወሩ ብሎክ ሲዘጋ ሃሹ በጉባኤው ይታይ፣ አባላቱም ይያዙት። የመጨረሻው ሃሽ የቀደሙትን ሁሉ በውስጡ ስለሚሸከም፣ አባላቱ ሊጠብቁት የሚገባው 24ቱን ወር ሳይሆን አንዱን መስመር ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡ ግንቦትን ቀይሮ እንደገና ቢያሰላው ገጹ ላይ ቀይ አይታይም፤ አዲሱ የነሐሴ ሃሽ ግን በአባላት እጅ ካለው ጋር አይመሳሰልም። የሻጩ ፕሮግራም ያጣው ይህንን ብቻ እንደሆነ፣ እርሱም ዋጋ እንደማይጠይቅ ገለጸች። ፕሮግራመሩ ለዚህ ምላሽ ምስጋና አቀረበ፤ በክሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ ለስላሳ ነበር።

20ኛ ምላሽ

ሐረር ውስጥ የአንድ የቁጠባ ማኅበር ሒሳብ የሚይዙ እናት የደረሰባቸውን ተረኩ። ማኅበሩ የወሩን አሻራ ለሦስት አባላት መስጠት ከጀመረ በኋላ ኮምፒውተሩ ተበላሸ። እርሳቸውም ዝርዝሩን ከታተመው ወረቀት እያዩ እንደገና ተየቡት። አሻራው አልገጠመም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ገንዘብ ቀይራለች በሚል ዓይን ታዩ። በመጨረሻ አንድ ፋይል ከአንድ አባል ፍላሽ ላይ ተገኝቶ ፊደል በፊደል ሲነጻጸር፣ ልዩነቱ በአንድ ስም ላይ ሆኖ ተገኘ፦ የመጀመሪያው ኃይሉ ነበር፣ እርሳቸው የተየቡት ደግሞ ሀይሉ። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ ለSHA-256 ግን ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ፀሐይና ጸሐይ፣ ዓለሙና አለሙም እንዲሁ።

አሻራው አለመግጠሙ አንድ ነገር እንደተለወጠ እንጂ ምን እንደተለወጠ፣ ማንና ለምን እንደለወጠው እንደማይናገር በመረረ ቃል አሳሰቡን። ምክራቸውም ዝርዝሩን ደግሞ ከመተየብ ይልቅ ዋናውን ፋይል ቅጂ አድርጎ በሁለት ፍላሽ ማስቀመጥ፣ በብሎኩም ውስጥ ከስም ይልቅ የአባል ቁጥር መጻፍ ነው። በዚህ ክር ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ፣ በአማርኛ መዝገብ የሚይዝ ሰው ይህን ሳያነብ እንዳይጀምር የምለምነው ይህኛውን ነው።

21ኛ ምላሽ

አንድ የሒሳብ ባለሙያ አጭር ጥያቄ አቀረበና ራሱ መለሰው። ገንዘብ ያዡ በቅንነት ቢሳሳትና ወሩ ቢዘጋ፣ ስሕተቱ አይነካም፤ በሚቀጥለው ወር ብሎክ ውስጥ የማስተካከያ መስመር ከነምክንያቱ ይገባል። ጥሩ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ያለ ኮምፒውተርም የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ለማንም እንግዳ አይሆንም።

22ኛ ምላሽ

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በወሩ ስብሰባ ሐሳቡን ለአባላቱ ካቀረብኩ በኋላ 64ቱን ፊደልና አኃዝ በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ሽማግሌዎቹ ማንበቡ እንዳስቸገራቸው ስላየሁ፣ የመጀመሪያዎቹን 12 ብቻ በየአባሉ ደብተር ላይ ብንጽፍ ይበቃ እንደሆነ ጠየቅሁ።

23ኛ ምላሽ

ባለሙያው እንደማይበቃ በቁጥር መለሰ። አሥራ ሁለት ፊደል የሚገጥም አሻራ ለማግኘት በአማካይ 281 ትሪሊዮን ያህል ሙከራ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ሲሰማ ትልቅ ነው፣ በሴኮንድ ቢሊዮን ለሚሞክር ካርድ ግን ከሦስት ቀን ትንሽ የሚበልጥ ሥራ ነው። ግንቦትን ቀይሮ፣ የመጨረሻውን ወር ኖንስ እየቀያየረ 12ቱ እስኪገጥሙለት የሚጠብቅ ሰው ይሳካለታል። ሙሉው 64 ከሆነ ግን ዛሬ ባለው መሣሪያ የሚደረስበት አይደለም። ስለዚህ ማንበቡን ትተን በወረቀቱ ላይ ያለውን በስልክ ፎቶ እንድናነሣው መከረ። አምስት ወጣቶችና እኚያ እናት በዚያው ቀን አነሡት።

24ኛ ምላሽ

የመጋዘኑ አዛውንት ለሁለተኛ ጊዜ ጻፉ። ይህ ሁሉ የተጻፈውን እንደሚጠብቅ ገብቷቸዋል። ነገር ግን ገንዘብ ያዡ 100 ብሩን ተቀብሎ ደረሰኝ ሳይሰጥ፣ በወሩም ብሎክ ውስጥ ሳያስገባው ቢቀር፣ ሰንሰለቱ ያልተጻፈውን ከየት እንደሚያውቀው ጠየቁ። ባለሙያው ሰንሰለቱ እንደማያውቀው በአንድ መስመር አረጋገጠ። የሐረሯ ምሩቅ እያንዳንዱ አባል ከወሩ መዝጊያ በፊት የራሱን ቁጥር በዝርዝሩ ላይ አይቶ እንዲያረጋግጥ ሐሳብ አቀረበች፤ ፕሮግራመሩ ደግሞ ከ140 ሰው ግማሹ እንኳ እንደማይመጣ ተከራከረ። ጉዳዩ እስካሁን እዚያ ላይ ነው፤ የእድራቸውን ልምድ የሚያካፍሉን ካሉ ከዚህ በታች ይጻፉልን።